ሳውዝ ሲ ተቀምጦ የሞያሌን ግጦሽ ማንበብ፦ የሳተላይት አረንጓዴ ልኬት ለከብት ነጋዴ ምን ይነግረዋል?

ሳውዝ ሲ የሚኖር ከብት ነጋዴ ገበያው ዳጎሬቲና ኪያማይኮ ቢሆንም ከብቱና ፍየሉ የሚነሳው 780 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከሞያሌ ነው። ከሞያሌም አልፎ ከዱብሉቅ፣ ከያቤሎ ዙሪያ ይመጣል። ነጋዴው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት የሚያውቀው ደላላው በስልክ የነገረውን ብቻ ነው። ደላላው «ዝናብ ጥሏል፣ አገሩ ለምቷል» ይላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ያው ገበያ በከሳ ከብት ይጥለቀለቃል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ቀድሞ በውድ የገዛው ሰው ኪሳራ ላይ ይወድቃል። ደላላው አልዋሸም። ዝናቡ በእርግጥ ጥሏል። ነገር ግን ጥሎ ቆሟል፣ ሣሩም ሳያድግ ደርቋል። ከመንገድ ዳር ቆሞ ይህን በጊዜ ማየት ከባድ ነው።

ከላይ ግን ይታያል። በየአምስት ቀኑ በቦረናና በማርሳቢት ላይ የሚያልፉ ሳተላይቶች የሚያነሱት ምስል ለማንም ሰው በነጻ ክፍት ነው። ከምስሉ ውስጥ ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ወስዶ አንድ ቀላል ስሌት የሚሠራ ሰው የግጦሹን አረንጓዴነት በቁጥር ያገኛል። ስሙ ኤንዲቪአይ ነው። ስሌቱን አራተኛ ክፍል የተማረ ሰው ይሠራዋል። አስቸጋሪው የወጣውን ቁጥር ማንበቡ ነው፤ ይህ ጽሑፍም የሚያተኩረው በንባቡ ላይ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያውኑ ለግጦሽ የተሠራ ስሌት

ብዙ ሰው ይህን ልኬት የስንዴና የበቆሎ እርሻ መከታተያ አድርጎ ያውቀዋል። አጀማመሩ ግን ወደ እኛ ሥራ ይቀርባል። አሜሪካ የመጀመሪያውን የመሬት መከታተያ ሳተላይት በ1972 አመጠቀች፤ በኋላ ላንድሳት የተባለው ነው። በዚያን ጊዜ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ከቴክሳስ ወደ ሰሜን የሚዘረጋውን ሰፊ የሣር ሜዳ ከሰማይ ለመከታተል ሞከሩ። ጥያቄያቸው ሣሩ መቼ ይለመልማል፣ መቼ ይደርቃል የሚል ነበር። በ1973 ባወጡት ሥራ የተጠቀሙበት ስሌት ዛሬም ሳይለወጥ እየተሠራበት ነው።

ሥራው የተመሠረተው በቅጠል ጠባይ ላይ ነው። ጤነኛ ቅጠል ምግቡን የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን ስለሆነ ቀዩን ብርሃን አብዛኛውን ይውጠዋል። ከቀይ ቀጥሎ ያለውንና የሰው ዓይን የማያየውን ብርሃን ግን ለምግብ አይጠቀምበትም። ይህ ቅርብ ኢንፍራሬድ የሚባለው ነው። የቅጠሉ ውስጣዊ አሠራር ይህን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ስለዚህ ለምለም ሣር ከሰማይ ሲታይ ቀዩ ጥቂት፣ ኢንፍራሬዱ ብዙ ይሆናል። ሣሩ ሲጠማ ወይም ሲያረጅ አረንጓዴው ቀለም ይጠፋል፣ ቀዩን መዋጥ ይቀንሳል፣ የሚመልሰው ኢንፍራሬድም ይወርዳል። ሁለቱ ቁጥሮች እየተቀራረቡ ይመጣሉ። ሣር የሌለበት ባዶ አፈር ላይ ደግሞ ልዩነታቸው ትንሽ ነው።

ስሌቱ ይህን ልዩነት ብቻ ይይዛል፦

```
NDVI = (NIR - Red) / (NIR + Red)
```

ልዩነቱን በድምሩ ማካፈል ያስፈለገው ፀሐይ ጠንክራ በበራችበት ቀንና ደከም ባለችበት ቀን የተነሱ ምስሎች እንዲነጻጸሩ ነው። ብርሃኑ ሲያንስ ሁለቱም ቁጥሮች አብረው ያንሳሉ፤ ሲካፈሉ ውጤቱ ብዙም አይናወጥም። ውጤቱ ከ1 አይበልጥም። ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች ይወጣል። ባዶ አፈር ከ0.1 እስከ 0.2 አካባቢ፣ ሳሳ ያለ ሣር ከ0.3 ከፍ ብሎ፣ ጥቅጥቅ ያለ ለምለም ሰብል ደግሞ 0.7 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል።

አንድ ነጥብ፣ ከጅምሩ እስከ ውጤቱ

በሞያሌና በማርሳቢት መካከል ያለውን የሶሎሎን ግጦሽ እንውሰድ። ከዚህ በታች የምንጠቀምባቸው ቁጥሮች አሠራሩን ለማሳየት የመረጥናቸው ናቸው፤ የአንድ የተወሰነ ቀን ዘገባ አይደሉም።

ለዚህ ሥራ የሚመቸው ሴንቲኔል-2 የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት ነው። አንዱ የምስል ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይይዛል። ቀዩ ብርሃን B4 በሚባለው ክፍል፣ ቅርብ ኢንፍራሬዱ B8 በሚባለው ክፍል ይመዘገባል። ለአንድ ነጥብ B4 ላይ 1900፣ B8 ላይ 3700 አገኘን እንበል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ከጥር 2022 መጨረሻ ጀምሮ የሴንቲኔል-2 ጥሬ ፋይል በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ 1000 ተጨምሮበት ነው የሚመጣው። ስሌቱ ከመሠራቱ በፊት ይህ 1000 መቀነስ አለበት። ቀንሰን ስንሠራ እንዲህ ይሆናል፦

```
Red = 1900 - 1000 = 900
NIR = 3700 - 1000 = 2700
NDVI = (2700 - 900) / (2700 + 900) = 0.50
```

ሳንቀንስ ብንሠራው ግን 1800 ለ5600 ተካፍሎ 0.32 ይወጣል። ያው ሣር፣ ያው ቀን ነው። አንዱ ቁጥር «ግጦሹ ጥሩ ነው» ይላል፣ ሌላው «እየሳሳ ነው» ይላል። ይህ ስህተት የሚታወቅበት ምልክት አለው። የአንድ ቦታ ቁጥሮች ከ2022 በፊት ከፍ ብለው ከዚያ በኋላ በሁሉም ቦታ፣ በዝናብም ሆነ በበጋ፣ በአንዴ ዝቅ ካሉ የተለወጠው አየሩ ሳይሆን የፋይሉ አሠራር ነው።

ጥሬ ፋይል ማውረድ የማይፈልግ ሰው browser.dataspace.copernicus.eu ላይ ገብቶ ማየት ይችላል። እዚያ ላይ ቅነሳው ተሠርቶ ነው የሚቀርበው። ቦታውን በካርታው ላይ ይፈልጋል፣ Sentinel-2 L2A የሚለውን ይመርጣል፣ ቀኑን ይሰጣል፣ ከዚያ NDVI የሚለውን ንብርብር ይከፍታል። በነጻ ተመዝግቦ የግጦሹን ዙሪያ በመስመር ከከለለ ደግሞ የዚያን ቦታ አማካይ በጊዜ ተራ በመስመር ተስሎ ማግኘት ይችላል። ለነጋዴ ከካርታው ይልቅ የሚጠቅመው ይህ መስመር ነው።

ብቻውን የቆመ ቁጥር አይታመን

0.28 ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? መልሱ «የት? መቼ?» የሚል ነው።

የሶሎሎው ግጦሽ ባለፉት ዓመታት በግንቦት መጨረሻ ላይ ከፍተኛው 0.58፣ ዝቅተኛው 0.18 ነበር እንበል። ዘንድሮ 0.28 ሆነ። አሁን ዘንድሮ ከዝቅተኛው ምን ያህል ከፍ እንዳለ በሁለቱ መካከል ባለው ርቀት እናካፍለው፦

```
VCI = (0.28 - 0.18) / (0.58 - 0.18) x 100 = 25
```

ይህ ቪሲአይ ይባላል። የኬንያ ብሔራዊ የድርቅ አስተዳደር ባለሥልጣን በየወሩ ለማርሳቢት፣ ለዋጂር፣ ለኢሲዮሎና ለሌሎች ደረቅ ካውንቲዎች በሚያወጣው መግለጫ ውስጥ የምታገኙት ቁጥር ይኸው ነው፤ እዚያ የሦስት ወር አማካዩ ይወሰዳል። በመግለጫው ልማድ ከ50 በላይ ከወትሮው የተሻለ፣ ከ35 እስከ 50 የወትሮው ነው። ከ20 እስከ 35 መካከለኛ ድርቅ፣ ከ10 እስከ 20 ከባድ፣ ከ10 በታች እጅግ የከፋ ድርቅ ይባላል። የእኛ 25 መካከለኛ ድርቅ ውስጥ ወደቀ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ያንኑ 0.28 ወደ ኖርዝ ሆር እንውሰደው። በረሃማ ስለሆነ በዚያው ወቅት ዝቅተኛው 0.10፣ ከፍተኛው 0.30 ነው ብንል ስሌቱ 0.18 ለ0.20 ሆኖ 90 ይወጣል። ለሶሎሎ ድርቅ የሆነው ቁጥር ለኖርዝ ሆር የጥጋብ ዓመት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የአንዱን ወረዳ አረንጓዴ ከሌላው ወረዳ አረንጓዴ ጋር ማወዳደር ያሳስታል። እያንዳንዱ ግጦሽ የሚመዘነው ከራሱ ያለፉ ዓመታት ጋር፣ በዚያው ወር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን የወቅቱ መስመር ነው። የገና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ድረስ የሚጥልበትን ጊዜ ከላይ በመረጥነው ምሳሌ እንከታተል፦

| ጊዜ | የወትሮው | ዘንድሮ |
|---|---|---|
| መጋቢት መጨረሻ | 0.19 | 0.20 |
| ሚያዝያ አጋማሽ | 0.30 | 0.26 |
| ሚያዝያ መጨረሻ | 0.44 | 0.33 |
| ግንቦት አጋማሽ | 0.50 | 0.34 |
| ግንቦት መጨረሻ | 0.47 | 0.28 |

በመጋቢት መጨረሻ ዘንድሮው ከወትሮው እኩል ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ በለጠ። ደላላው «ዝናብ ጥሏል» ያለው በዚህ ጊዜ ነው፣ እውነቱንም ነው። በሚያዝያ አጋማሽ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ አያስደነግጥም። በሚያዝያ መጨረሻ ግን መስመሩ መውጣት ያለበትን ያህል እንዳልወጣ ይታያል። በግንቦት አጋማሽ ጨርሶ ቆሟል፣ ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ነው። በወትሮው ዓመት እስከ ሰኔ የሚያቆየው ሣር ዘንድሮ በግንቦት አልቋል ማለት ነው።

ለነጋዴ ይህ ምን ይለዋል? ቀጣዩ ዝናብ፣ የሀገያው፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት አይመጣም። ግጦሹ ቀድሞ ያለቀበት አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ ሩቅ ይሄዳል፣ አለዚያም ከሳምንታት በኋላ ወደ ገበያ ይነዳል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚነዳ ዋጋው ይወርዳል፣ ከብቱም ከስቶ ይመጣል። መስመሩን በሚያዝያ መጨረሻ ያየ ነጋዴ ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። ሰንጋው ሥጋውን ሳይጥል ቶሎ ገዝቶ ያወጣል። ቆይቶ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ለመኖና ለጭነት መኪና የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ይይዛል፤ የከሳ ከብት በእግር ረጅም መንገድ አይችልምና።

እርሻውስ?

በያቤሎና በሞያሌ ዙሪያ ብዙ አርብቶ አደር በቆሎና ቦሎቄም ይዘራል። ይህ ነጋዴውን በቀጥታ ይነካዋል። በቆሎው ሲከሽፍ ያው ቤተሰብ እህል ለመግዛት ፍየል ይሸጣል። በቆሎ ሲወደድና ፍየል ሲረክስ አንድ ፍየል የሚገዛው እህል እያነሰ ይሄዳል፣ ሻጩም ተጨማሪ ፍየል ያወጣል።

የበቆሎ መስመር ከሣር መስመር ይለያል። በገና ዝናብ መጀመሪያ ሲዘራ ማሳው ባዶ ነው፣ ቁጥሩም የአፈር ቁጥር ነው። ከበቀለ በኋላ በፍጥነት ይወጣል። አበባ በሚያወጣበት ጊዜ፣ ከተዘራ ሁለት ወር ገደማ ላይ፣ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ከዚያ እሸቱ እየደረቀ ሲሄድ መስመሩ ይወርዳል። ይህ የኋለኛው መውረድ በሽታም ድርቅም አይደለም፤ ሰብሉ ደረሰ ማለት ነው። ብዙ ሰው ካርታው በሐምሌ ቢጫ ሆኖ ሲያይ «ሰብሉ ጠፋ» ይላል፣ ሰብሉ ግን ለአጨዳ ተዘጋጅቶ ሊሆን ይችላል።

የሚያስፈራው መስመሩ ወደ ጫፉ ሳይደርስ ሲታጠፍ ነው። ከተዘራ ስድስተኛው ሳምንት ላይ መውጣቱን ካቆመና ከወረደ በቆሎው አበባ ሳያወጣ ተጠምቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ዝናብ ቢመለስ እንኳ ፍሬው ይቀንሳል። ባለቤቱም ብዙ ጊዜ አገዳውን አጭዶ ለከብት ይሰጠዋል። ስለዚህ በእርሻ ላይ ከቁጥሩ ቁመት ይልቅ የመታጠፊያው ቀን ይበልጥ ይናገራል፤ ለዚህም የተዘራበትን ሳምንት ማወቅ የግድ ነው። ይህን ሳተላይቱ አይነግራችሁም። አንድ ስልክ ይነግራችኋል።

ማሳ ስትመለከቱ የምስሉን ነጥብ ስፋትም አስቡ። ግማሽ ሄክታር ማሳ በሴንቲኔል-2 ላይ 50 ነጥብ ያህል ይይዛል። ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ከአጥሩና ከመንገዱ ጋር ስለሚደባለቁ መሐል መሐሉን መውሰድ ይሻላል። ሞዲስ በሚባለው በአሮጌው የአሜሪካ መሣሪያ ግን አንዱ ነጥብ 250 ሜትር በ250 ሜትር፣ ማለትም ከ6 ሄክታር በላይ ነው። እሱ ለሰፊ ግጦሽ እንጂ ለአንድ ሰው ማሳ አይሆንም።

ገንዘብ የተቆረጠበት ልኬት

ይህ ልኬት በእኛ መስመር ላይ ገንዘብ ከተቆረጠበት ቆይቷል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የሆነው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ ከአጋሮቹ ጋር በ2010 መጀመሪያ ላይ ማርሳቢት ውስጥ በዚህ ልኬት ላይ የቆመ የከብት መድን አስጀመረ። በ2012 በኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ በኩል ወደ ቦረና ተሻገረ። በ2015 ደግሞ የኬንያ መንግሥት በዋጂርና በቱርካና የራሱን መርሐ ግብር ጀመረ።

የተለመደው መድን የሞተውን ከብት ሬሳ ቆጥሮ ነው የሚከፍለው። በረሃ ውስጥ ይህ አይቻልም፤ ቆጣሪው ከሚከፈለው ገንዘብ በላይ ያስወጣል፣ ክርክሩም አያልቅም። በሳተላይት የሚታየው አረንጓዴ ግን ለከፋዩም ለተከፋዩም አንድ ነው፣ ማንም ሊጨምርበትና ሊቀንስበት አይችልም። በአንድ አካባቢ የወቅቱ ድምር ከተወሰነ ወለል በታች ሲወርድ በዚያ አካባቢ መድን የገባ ሁሉ ይከፈለዋል። በማርሳቢት የመጀመሪያው ክፍያ የተፈጸመው በ2011 ድርቅ ነው።

መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ስንት ከብት እንደሚሞት ለመገመት ነበር የሚያገለግለው። በኋላ ግን የመኖ እጥረቱን ራሱን ወደ መለካት ተለወጠ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከብቱ ከሞተ በኋላ የሚመጣ ገንዘብ የሞተውን አያስነሳም፤ ሣሩ ሳስቶ ከብቱ ገና በእግሩ ሳለ የሚመጣ ገንዘብ ግን መኖ ይገዛል። ነጋዴው ይህን ልብ ይበል። ክፍያ በደረሰበት አካባቢ አርብቶ አደሩ ከብቱን በማንኛውም ዋጋ ለመሸጥ አይገደድም፣ ስለዚህ በድርቅ ይጠበቅ የነበረው የርካሽ ከብት ጎርፍ ሊቀንስ ይችላል።

ያው መድን የልኬቱን ድክመትም በግልጽ አሳይቷል። የአካባቢው አማካይ ጥሩ ሆኖ የአንድ ሰው ከብት ያለቀበት ጊዜ አለ፤ ያ ሰው ምንም አይከፈለውም። አማካይ ማለት የሰፊ አገር አማካይ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱ ሸለቆ ደርቆ ሊሆን ይችላል።

አረንጓዴው የሚዋሽባቸው ሦስት ጊዜዎች

የመጀመሪያው ደመና ነው። ደመና ነጭ ስለሆነ ቀዩንም ኢንፍራሬዱንም እኩል ይመልሳል፣ ልዩነታቸው ይጠፋል፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ችግሩ ደግሞ ደመና የሚበዛው በዝናብ ወቅት፣ ሣሩ በሚያድግበት ሳምንት ነው። አይታችሁ የምትለዩት እንዲህ ነው፦ በአንድ ምስል ላይ በድንገት ወርዶ በሚቀጥለው ምስል ወደ ቦታው ከተመለሰ ደመና ወይም የደመና ጥላ ነበር። ሣር በአምስት ቀን ደርቆ በአምስት ቀን አይለመልምም። ድርቅ ግን ከምስል ምስል እየወረደ ይቀጥላል። ደመና ቁጥሩን ዝቅ እንጂ ከፍ ስለማያደርግ ባለሙያዎች ከአሥር ቀን ምስሎች ውስጥ ከፍተኛውን ብቻ የሚይዙት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቁጥቋጦ ነው። የቦረና ሰፊ ሜዳ ባለፉት አሥርተ ዓመታት በእሾሃማ ቁጥቋጦ እየተወረረ መጥቷል። በኬንያ በኩል ደግሞ ማቴንጌ የሚባለው ፕሮሶፒስ በበጋም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ሳተላይቱ ቅጠሉን እንጂ ከብት ይብላው አይብላው አያውቅም። መለያው የበጋው ወለል ነው። ሣር በነሐሴ ይደርቃል፣ ቁጥሩም ወደ አፈር ይጠጋል። በነሐሴም ከፍ ብሎ የሚቆይ ቦታ የቁጥቋጦ ወይም የዛፍ ቦታ ነው። እዚያ ላይ ግመልና ፍየል ይጠግቡ ይሆናል፣ ሰንጋ ግን አይሰባም። ስለዚህ ያንኑ ካርታ የግመል ነጋዴና የሰንጋ ነጋዴ በአንድ ዓይን ማንበብ የለባቸውም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ የሚያከስረው ነው፦ ከድርቅ በኋላ የሚመጣው አረንጓዴ። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በቦረናና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። በኬንያ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አለቁ። በ2023 የገና ዝናብ ሲመለስ አረንጓዴው ተመለሰ። ከብቱ ግን ከሣሩ ጋር አብሮ አልተመለሰም። የደከመ ከብት በመጀመሪያው ብርድና ዝናብ ይሞታል፤ ይህን ከብት ያረባ ሁሉ ያውቀዋል። የተረፈው ሥጋ ለማውጣት ሳምንታት ይፈልጋል። ጊደርና ላም ደግሞ መንጋውን ለመተካት ስለሚቀሩ ወደ ገበያ አይወጡም። በዚህ ጊዜ ካርታው ለምለም፣ ገበያው ግን ባዶና ውድ ይሆናል። «አገሩ ለምቷል፣ ከብት ይረክሳል» ብሎ ለዳጎሬቲ ደንበኛው አስቀድሞ በዝቅተኛ ዋጋ ውል የገባ ነጋዴ ውሉን የሚሞላው ከኪሱ ነው።

አረንጓዴው የሚናገረው ስለ ሣር ነው። የድንበር መዘጋት፣ የበሽታ ማገጃ፣ የጎሳ ግጭት፣ የጉድጓድ ውሃ መድረቅ በውስጡ የሉም። ግጦሹ ለምልሞ ኤላው ከደረቀ ከብቱ እዚያ መቆየት አይችልም።

ስልኩን ከመስመሩ ጋር ማገናኘት

ልኬቱ ደላላን አይተካም። የሚጠቅመው ደላላውን የምትጠይቁትን ጥያቄ ሲያሻሽለው ነው። ዘወትር ከብት ከምትገዙባቸው ቦታዎች ሦስት ወይም አራት የግጦሽ ቦታዎችን ምረጡ፤ መንደርና መንገድ የሌለባቸው፣ ሣር መሆናቸውን የምታውቋቸው ይሁኑ። ዙሪያቸውን አንዴ ከልሉና አስቀምጡት። ከዚያ በየዓመቱ ያንኑ ክልል ብቻ ተመልከቱ፤ ክልሉ በተለወጠ ቁጥር ንጽጽሩ ይበላሻል። ሴንቲኔል-2 በዚህ ጥራት የያዘው ታሪክ ከ2015 ወዲህ ስለሆነ ረጅሙን ንጽጽር ከካውንቲው ወርሃዊ መግለጫ ውሰዱ፣ የቅርቡን ከራሳችሁ መስመር።

በገና ወቅት ትልቁ ቀን ሚያዝያ መጨረሻ ነው፣ በሀገያ ወቅት ደግሞ ኅዳር አጋማሽ። በእነዚህ ቀናት መስመሩ ገና እየወጣ ከሆነ ችኮላ አያስፈልግም። ቆሞ ከሆነ ወይም ከታጠፈ ግን ወዲያውኑ ደውሉ፣ «ዝናብ አለ ወይ?» ብላችሁም አትጠይቁ። የመጨረሻው ዝናብ የጣለበትን ቀን ጠይቁ። የለመለመው ሣሩ ነው ወይስ ቁጥቋጦው? ኤላው ላይ ወረፋው ስንት ቀን ደርሷል? ከብቱ ወደየት እየተነዳ ነው? ደላላው ለእነዚህ የሚሰጣችሁ መልስና የመስመሩ መታጠፊያ አንድ ዓይነት ወሬ ካወሩ ገንዘቡን በየትኛው ሳምንት እንደምትልኩ አውቃችኋል። ከተለያዩ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ የሚያየው ሌላ ቦታ ነው፤ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የትኛው እንደሆነ ይጣራ።